በአማርኛ ያነባል፣ በእንግሊዝኛ አያነብም፦ ዲስሌክሲያ ነው ወይስ የቋንቋ ጉዳይ?



ዛሬ የምጽፍላችሁ ብዙ ወላጆች በውስጥ መስመር ስለሚጠይቁኝ ጉዳይ ነው። ልጁ ፊደልንም ኤቢሲዲንም እኩል ይማራል፣ ግን ማንበብ እምቢ ብሎታል። ይህ ልጅ ዲስሌክሲያ አለበት? ወይስ ሁለቱ ቋንቋ ተምታታበት? ወይስ ጊዜ ይስጡት? ለመለየት የሚያስቸግረው ሁለት ጽሕፈት ስላለ ነው፤ መልሱም ያለው እዚያው ሁለቱን ጎን ለጎን በማየት ውስጥ ነው። በአንድ ልጅ ታሪክ ላሳያችሁ። ማንነቱን የሚያሳውቁ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

እናቱ የመጣችው ለሌላ ነገር ነበር። «ዶክተር፣ ለዓይን ሐኪም ሪፈር ይጻፉልኝ፤ ልጄ ሰሌዳ ላይ ያለው አይታየውም መሰለኝ» አለችኝ። ልጁ 8 ዓመቱ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል፣ የግል ትምህርት ቤት ይማራል። ሒሳብና ሳይንስ ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛ አንድ ትምህርት ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያወራው አማርኛ ነው፣ አያቱም አብራቸው ትኖራለች። የእንግሊዝኛ መምህሩ «ሰነፍ ነው» ብለዋል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ እናትየውን ጠርቶ «ሁለት ቋንቋ ስለተደባለቀበት ነው፤ ቤት ውስጥ አማርኛ ተዉና በእንግሊዝኛ አናግሩት፣ ካልተሻሻለ ክፍል ይደግማል» ብሏታል።

«ከአያቱ ጋር በምን ያውራ ታዲያ?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ ወሳኟን ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «አማርኛውን እኮ ያነባል። በአማርኛ ካነበበ ዲስሌክሲያ ሊሆን ይችላል እንዴ?»

አስቀድሞ፦ ዲስሌክሲያ ምንድነው?

በአጭሩ፣ ቃላትን በትክክልና በፍጥነት አንብቦ የማውጣት፣ እንዲሁም አስተካክሎ የመጻፍ ችግር ነው። ከማሰብ ችሎታ ጋር አይገናኝም። የዓይን በሽታም አይደለም። በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ሥሩ ያለው አእምሮ የንግግር ድምፆችን ለይቶ የሚይዝበትና ከምልክት ጋር የሚያያይዝበት ቦታ ላይ ነው። በቤተሰብ ይወርዳል።

ሐኪሞች የምንጠቀምበት መመዘኛ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ችግሩ የማየት ወይም የመስማት ጉድለት፣ የትምህርት እጦት፣ ወይም የማስተማሪያውን ቋንቋ አለማወቅ ያመጣው አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። የመጨረሻውን ደግማችሁ አንብቡት። የኛ ልጆች ግማሹን ትምህርት የሚማሩት አፋቸውን ባልፈቱበት ቋንቋ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ብቻ ፈትኖ «ዲስሌክሲያ ነው» ማለት ስህተት ነው። «አይ፣ እንግሊዝኛ ስላልለመደ ነው» ብሎ አሳልፎ መስደድም ያው ስህተት ነው።

ፊደልና ኤቢሲዲ አንድ ዓይነት ሸክም አይደሉም

የኛ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አንድ ላይ ይዟል። «ቡ» ሁሌም «ቡ» ነው። 33 ዋና ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ምልክት ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ለመሸምደድ ብዙ ነው፤ ግን አንዴ ከተያዘ አያታልልም።

እንግሊዝኛ ተቃራኒው ነው። ፊደሎቹ 26 ብቻ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቃሉ ይቀያየራል። ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የሚባሉት አራት ፊደላት አንድ ላይ ሲመጡ «ታፍ» ውስጥ አንድ ነገር ናቸው፣ «ዞው» ውስጥ ሌላ፣ «ስሩ» ውስጥ ደግሞ ሌላ።

በዚህ ምክንያት አንዱ ችግር በሁለቱ ጽሕፈቶች ላይ ሁለት መልክ ይይዛል። በእንግሊዝኛ ልጁ *ይሳሳታል*፤ ቃሉን በመጀመሪያ ፊደሉ አይቶ ይገምታል። በአማርኛ ግን ብዙ ጊዜ በትክክል ያወጣዋል፣ ግን *ይዘገያል*። ፊደል በፊደል ይጎትታል፤ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። የወላጅ ጆሮ ስህተትን ቶሎ ይሰማል፣ ዝግታን ግን «ተረጋግቶ ነው የሚያነበው» ብሎ ያልፈዋል።

አልፎ አልፎ ልዩነቱ በጣም ይሰፋል። በ1999 ታኤኮ ዋይደልና ብራያን ባተርወርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ጽፈው ነበር። ጃፓን ያደገ፣ ቤቱ እንግሊዝኛ የሚነገርበት፣ ትምህርት ቤቱ ጃፓንኛ የሆነ ልጅ ነው። በእንግሊዝኛ ንባብ ከባድ ችግር ነበረበት፤ በጃፓንኛ ግን ጎበዝ አንባቢ ነበር። ከጃፓንኛ ጽሕፈቶች አንዱ ልክ እንደኛ ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ክፍለ ቃል የሚይዝና ድምፁ የማይቀያየር ነው። ስለዚህ ለእናትየው የሰጠሁት የመጀመሪያ መልስ «በአማርኛ ማንበቡ ብቻውን ዲስሌክሲያ የለም አያሰኝም» የሚል ነበር። ሁለተኛው መልሴ ደግሞ «እስቲ መጀመሪያ በእርግጥ ማንበቡን እንይ» ነው።

ደረጃ 1፦ ጆሮ፣ ዓይንና ታሪክ

ይህ የጠቅላላ ሐኪም ሥራ ነው። ልጁ ትንሽ እያለ ጆሮው በተደጋጋሚ መግል ይወጣው እንደነበር እናትየው ነገረችኝ፤ ስለዚህ ከዓይን ምርመራው በተጨማሪ የመስማት ምርመራም አዘዝኩ። ሁለቱም ደህና ሆኑ። የሚጥል በሽታ፣ የደም ማነስ፣ የእንቅልፍ ችግር ምልክት አላየሁም። ትምህርት ቤት አልቀረም፣ ትምህርት ቤትም አልቀየረም።

ከታሪኩ ሁለት ነገር ያዝኩ። አንደኛ፣ አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው፤ ሁለት ቃል አያይዞ የተናገረው ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፣ ያውም በአማርኛ። ሁለተኛ፣ አባትየው «እኔም እስከ አምስተኛ ክፍል ማንበብ አቅቶኝ በየቀኑ እገረፍ ነበር» አለ። ይህን ያለው እየሳቀ ነው፤ ሚስቱ ግን ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም ነበር።

ደረጃ 2፦ በሁለቱም ቋንቋ ማስነበብ

እናትየው የአማርኛ መጽሐፉን ይዛ መጣች። አንድ ገጽ አነበበልኝ፣ ፍስስ አድርጎ። ከዚያ እጄን ገጹ ላይ አድርጌ ሸፈንኩት። ልጁ ማንበቡን ቀጠለ!

አዎ፣ ገጹን በቃሉ ይዞታል። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያነቡ ሰምቶ ሸምድዶታል። ይህን የሚያደርግ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ከሌሎቹ በላይ የሚደክም ልጅ ነው። እናንተም ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፦ የተማረውን ሳይሆን አይቶት የማያውቀውን ጽሑፍ ስጡት፣ ሥዕል የሌለበት ይሁን።

ከሌላ የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ አዲስ ምንባብ ሰጠሁት። በአንድ ደቂቃ በትክክል ያነበበው 14 ቃል ነበር። 14 ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ለብቻው ምንም አይነግረንም። ስለዚህ መምህሩን ለምኜ ከዚያው ክፍል መካከለኛ የሆኑ ሦስት ልጆች ያንኑ ምንባብ እንዲያነቡ አደረግን፦ 38፣ 41 እና 45 ቃል አነበቡ። እነዚህ ልጆች በአንድ ክፍል፣ በአንድ መምህር፣ በተመሳሳይ ቋንቋ የተማሩ ናቸው። ክፍሉ በሙሉ ቢዘገይ ኖሮ ችግሩ ማስተማሩ ላይ ነው እንል ነበር። እዚህ ግን የዘገየው እሱ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛም በዚያው መንገድ ስናየው እሱ 9፣ ሌሎቹ ከ30 በላይ ሆኑ።

ቀጥሎ ትርጉም የሌላቸው የፈጠራ ቃላት ሰጠሁት፦ «ለቡሶ»፣ «ቱረዴ»፣ «ደቡተ»... እነዚህን ማንም አልሸመደዳቸውም፤ የሚነበቡት ፊደሉን ወደ ድምፅ በመቀየር ብቻ ነው። ከ10ሩ 4 አገኘ። «ለቡሶ» የሚለውን «ልብስ»፣ «ደቡተ» የሚለውን «ደብተር» ብሎ አነበበው። ማለትም እያነበበ ሳይሆን እየገመተ ነው፣ በአማርኛም።

ቃል ሳጽፈው ደግሞ «ቡና» «ቢና» ሆነ፣ «ሰላም» «ሳለም» ሆነ። ካዕቡና ሣልሱ፣ ግዕዙና ራብዑ ይምታታበታል። ሦስተኛ ክፍል ላይ በዚህ መጠን መቀጠሉ አሳሳቢ ነው።

ስህተት ተብሎ የማይቆጠር ስህተት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ሐ»ን በ«ሀ»፣ «ሠ»ን በ«ሰ» መጻፍ የዲስሌክሲያ ምልክት አይደለም፤ ድምፃቸው አንድ ነው፣ ትልልቅ ሰዎችም ይለያዩበታል። «ገና» የሚለውን በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው ሳይለይ ማጥበቅና ማላላት ቢምታታበትም ስህተት አይደለም፤ ጽሕፈታችን ማጥበቅን አያሳይም።

በእንግሊዝኛም «ዚስ» ወይም «እስኩል» ብሎ ቢያነብ ቃሉን አውቆታል፣ የአፉ ቅላጼ ነው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታ ፈታኝ ግን እነዚህን እየቆጠረ ልጁን ሊጥለው ይችላል። የእንግሊዝኛውን ቢ እና ዲ ማገላበጥም እስከ 7 ዓመት ገደማ በብዙ ልጆች ላይ ያለ ነገር ነው።

ደረጃ 3፦ የጆሮ ጨዋታ

አሁን ወረቀቱን አስቀምጠን በቃል ብቻ ተጫወትን። «'ሰላም' ከሚለው ላይ 'ሰ'ን ብናነሳው ምን ይቀራል?» ላም። ይህን አገኘው። እዚህ ያነሳነው ሙሉ ፊደል ነው፣ ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ የለመደው ነገር። ቀጥሎ፦ «'ቤት' የሚለውን የመጀመሪያ ድምፅ ወደ 'ስ' ብንቀይረውስ?» ሴት ነው መልሱ። እዚህ ጋ ቆመ። «ስት... ሰት...» እያለ ቀረ። ስድስት ተመሳሳይ ጥያቄ ጠይቄው አንድ መለሰ።

ጥንቃቄ፦ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አጣብቆ ስለሚያስተምር ትናንሽ ድምፆችን መነጠል ለኛ ልጆች ሁሉ ትንሽ ይከብዳል። በዚህ ብቻ አይፈረድም፤ ከሌላው ማስረጃ ጋር ተደምሮ ነው ዋጋ የሚኖረው። ጥሩ ጎኑ፣ ይህን ክህሎት ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ መፈተን ይቻላል። ድምፅን የመለየት ችሎታ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ይሻገራልና በአማርኛ የምናየው ድክመት ስለ እንግሊዝኛውም ይነግረናል።

ደረጃ 4፦ መስማትና ማንበብን ማወዳደር

ለኔ ከሁሉም በላይ ነገሩን የሚለየው ይህ ነው። አጭር የአማርኛ ተረት አነበብኩለትና 5 ጥያቄ ጠየቅኩት። አምስቱንም መለሰ፣ እንዲያውም መጨረሻው ላይ የራሱን ጨመረበት። በዚያው ደረጃ ያለ ሌላ ተረት ራሱ ሲያነብ ከ5 አንድ መለሰ። በእንግሊዝኛ ሳነብለት ግን ከ5 ሁለት ብቻ ነው የመለሰው።

አሁን ቁጥሮቹ መናገር ጀመሩ። በአማርኛ ቋንቋው ሙሉ ነው፤ የጎደለው ንባቡ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ቋንቋውም ገና ስለሆነ የንባቡን ችግር ከቋንቋው መለየት አይቻልም። ትምህርት ቤቱ ያየው የእንግሊዝኛውን ብቻ ነበር፤ ለዚህ ነው ሁለቱ ቋንቋ ተደባልቆበታል ያለው።

በአጠቃላይ ሦስት መልክ አለ፦

👉 አማርኛን በአዲስ ምንባብ ጭምር በደንብና በፍጥነት የሚያነብ፣ ድምፅ የማይምታታበት፣ እንግሊዝኛ ላይ ብቻ የሚቸገር ልጅ፦ ብዙ ጊዜ የእንግሊዝኛ ትውውቅ ማነስ ነው። መጀመሪያ ቋንቋውን ማስተማር፣ ከዚያ ማየት።

👉 በሁለቱም ንባቡ የሚያቅተው፣ ሲነበብለት ግን ቢያንስ በአንዱ ቋንቋ በደንብ የሚረዳ፦ ለዲስሌክሲያ ጠንካራ ጥርጣሬ።

👉 ሲነበብለትም በሁለቱም ቋንቋ የማይረዳ፦ ችግሩ ከንባብ ይሰፋል። የመስማት፣ የንግግርና ቋንቋ እንዲሁም አጠቃላይ እድገቱ መታየት አለበት።

የኛ ልጅ ሁለተኛው ነው።

ደረጃ 5፦ አስተምሮ ማየት

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ የማደርገው ማጣራት ነው እንጂ ማረጋገጥ አይደለም። ልጁን ወደ ልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ላክሁት። ግን ቀጠሮው እስኪደርስ ቁጭ ብለን አልጠበቅንም። መመዘኛው ራሱ ችግሩ በተለይ እየታገዘ ቢያንስ 6 ወር መቆየቱን ስለሚጠይቅ፣ እርዳታው ራሱ የምርመራው አካል ነው።

አክስቱ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ አስጠናችው። ገጽ መሸምደድ ቀረ። በአማርኛ ተጀመረ፦ አንድ የፊደል ቤተሰብ፣ ድምፁን ለያይቶ መልሶ ማጣመር፣ በዚያ ፊደል የተሠሩ አዳዲስ ቃላት ማንበብና መጻፍ። ከዚያ በእንግሊዝኛ የፊደሉን ስም ሳይሆን ድምፁን።

ከ6 ወር በኋላ በአዲስ ምንባብ ከ14 ወደ 23 ቃል ደረሰ። የክፍል ጓደኞቹ ግን ከ50 አልፈዋል። ችግሩ ማስተማር ማነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ እገዛ ይቀርባቸው ነበር። መሻሻሉ እውነት ነው፣ ክፍተቱ ግን አልጠበበም። የሥነ ልቦና ባለሙያዋም የማሰብ ችሎታውንና ትኩረቱን መርምራ፣ የኛን ሁለት ቋንቋ ውጤት አይታ፣ ዲስሌክሲያ መሆኑን ጻፈች።

ባለሙያ ጋ ስትሄዱ ይህን ጠይቁ

«ፈተናው በየትኛው ቋንቋ ነው? ውጤቱ የሚወዳደረው ከየትኞቹ ልጆች ጋር ነው?» በሉ። አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ውስጥ ባሉ፣ አንድ ቋንቋ ብቻ በሚናገሩ ልጆች ላይ የተሠራ ፈተና የልጃችሁን ጥንካሬና ድክመት ሊያሳይ ይችላል፤ የሚሰጠውን ነጥብ ግን እንዳለ መቀበል አይቻልም። በአማርኛ ያልታየ ምርመራ ግማሽ ምርመራ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ዋሽንግተን ተወልዶ ፊደልን እሁድ እሁድ ብቻ የሚማር ልጅ ፊደል አለማንበቡ ምንም አይነግረንም፤ በቂ ትምህርት አላገኘም። የንባብ መለኪያው የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ነው። የአማርኛው ጥቅም አፉን መቼ ፈታ፣ ሲወራለት ይረዳል ወይ፣ በቤተሰብ ማን ተቸግሮ ነበር የሚለው ላይ ነው። ይህን ለትምህርት ቤቱ መንገር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

የጭንቅላት ምስል፣ ኢኢጂ ወይም የደም ምርመራ ዲስሌክሲያን አያሳይም። ባለቀለም መነጽርና ቫይታሚንም አያድነውም። ገንዘባችሁን ለአስጠኚ አውሉት።

ስለ አማርኛውስ?

ሁለት ቋንቋ መናገር ዲስሌክሲያን አያመጣም፤ አንዱን መተውም አያጠፋውም። እንዲያውም ለዚህ ልጅ አማርኛው ባይኖር ኖሮ ችግሩ ንባብ መሆኑን፣ ማሰብና መረዳቱ ግን ሙሉ መሆኑን በምን እናውቅ ነበር?

ትምህርት ቤቱ ደብዳቤውን ተቀብሎ ክፍል ማስደገሙን ትቷል። የሳይንስ ፈተና ጥያቄው ይነበብለታል፣ መልሱን በቃሉ ይሰጣል፣ ተጨማሪ ጊዜም አለው። በመጨረሻ ቀጠሯችን ላይ እናቱን «ከአያቱ ጋር አሁን በምን ያወራል?» አልኳት። «በአማርኛ ነዋ! ማታ ማታ እሷ ተረት ትነግረዋለች፣ እሱ ደግሞ ከተረቱ አምስት ቃል መርጦ ይጽፋል» አለችኝ።

ልጃችሁ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ አዲስ ምንባብ ላይ ከክፍል ጓደኞቹ በጣም የሚዘገይ ከሆነ ዛሬ ማታ ገጹን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ሞክሩት። ያያችሁትን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። የልጁን ስምና ትምህርት ቤት ግን እዚህ አትጻፉ።

ቸር ሰንብቱ።